አበልጄ ተቀነሰች፣ እኔ ቀረሁ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። 34 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ኤንጂኦ የፋይናንስ ኦፊሰር ነኝ። የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥ ከ43 ሠራተኞች 11 ቀረን። ከተቀነሱት አንዷ አበልጄ ናት። ልጇን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ 6 ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠርተናል። ከወጣች 4 ወሯ ነው። አሁን የእሷንም፣ የግዢውንም ልጅ ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት አልወጣም፣ ቅዳሜም እገባለሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። የዳይሬክተራችን በር በተዘጋ ቁጥር ‹ዛሬ የእኔ ተራ ነው› እላለሁ። አበልጄ ስትደውል ስልኩን አላነሳም። ምን እላታለሁ? ለእናቴ ስነግራት ‹ሥራ አለሽ፣ ተመስገን በይ› ትለኛለች። እሷም እውነቷን ነው። ባለፈው ሳምንት ንብረት ስቆጥር የአበልጄን የሻይ ኩባያ መሳቢያዋ ውስጥ አገኘሁት። መልሼ ዘጋሁት። ምን ይሻለኛል?

ቀሪዋ ነኝ

መልስ

እህቴ፣ አንቺ ካልኩሽ አትቀየሚኝ፤ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርም።

እኔም አንድ ጊዜ ቀርቻለሁ። የዛሬ ብዙ ዓመት ነው፤ ያኔ በሰው ኃይል ክፍል እሠራ ነበር። የቅነሳ ደብዳቤዎቹን የተየብኳቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ለሁለት ወር ምሳዬን መኪና ውስጥ እበላ ነበር። ካፌው ውስጥ የተቀነሱት ሰዎች ወንበር ስለሚታየኝ ነው። እና ስለ ኩባያው የጻፍሽውን ሳነብ፣ ንብረት ቆጠራ ምን እንደሚመስል ትዝ አለኝ። ስቲከሩን ታነቢያለሽ፣ ቁጥሩን ዝርዝሩ ላይ ታመሳክሪያለሽ፣ ላፕቶፕ አንድ፣ ቻርጀር አንድ፣ ወንበር አንድ። ኩባያው ስቲከር የለውም። ዝርዝሩ ውስጥ የት እንደምታገቢው ጠፍቶሽ ነው መሳቢያውን የዘጋሽው።

መጀመሪያ ‹ለምን እኔ ቀረሁ?› የሚለውን እናንሳ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅስሽ ጥያቄ እሱ ይመስለኛል። መልሱን ደግሞ አንቺ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ፤ የደመወዝ ማከፋፈያውን የምትሠሪው አንቺ ነሽ። ክፈቺውና እዪው። የአበልጅሽ ደመወዝ ሙሉ በሙሉ፣ ወይም አብዛኛው፣ ከአሜሪካው ፕሮጀክት ኮድ ይወጣ ነበር። ያንቺ ግን የተወሰነው ከሌላ ዶነር፣ የተወሰነው ደግሞ ከቢሮው የጋራ ወጪ ሳይሆን አይቀርም። ፋይናንስ ላይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚከፈለው። ጥር 2017 ዓ.ም ላይ ‹ሥራ አቁሙ› የሚለው ትዕዛዝ ሲመጣ፣ መጋቢት 1 ቀን ደግሞ የአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርኮ ሩቢዮ ከዩኤስኤአይዲ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዛቸውን ሲያስታውቅ፣ የተሰረዙት 5,200 ገደማ ውሎች ናቸው። ውል እንጂ ሰው አልተመረጠም። ዋሽንግተን ላይ ሆኖ አንቺንና እሷን ያወዳደረ ማንም የለም። እዚሁ አገር ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የቀጠራቸውን 5,000 ገደማ የጤና ሠራተኞች ውል ሲያቋርጥም ሰነፍና ጎበዝ አልለየም።

አንድ ነገር ግን ልለይልሽ። ስብሰባ ውስጥ ተቀምጠሽ ‹እሷ ትውጣ› ብለሽ ስም ያቀረብሽ ከሆነ፣ ያ ሌላ ነው፤ ያ በእጅ የተሠራ ሥራ ነው። እኔ በጊዜዬ ስም አቅርቤያለሁ። ዛሬም ሁለቱን ሰዎች ቦሌ መንገድ ላይ ሳያቸው አንገቴን እደፋለሁ። አንቺ ግን ከጻፍሽው እንደምረዳው እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የለሽበትም። የሚሰማሽ ኀዘን ነው። ኀዘንን ጥፋት ብለሽ ስለጠራሽው ነው ካሳ ልትከፍይ የተነሳሽው።

ካሳውንም እየከፈልሽ ያለሽው በትርፍ ሰዓት ነው። አንቺ ‹ሥራው ስለበዛ ነው› ትይኛለሽ። ሥራው በዝቷል፣ እውነት ነው። ግን ቅዳሜ ‹ግቢ› ያለሽ ማነው? እስቲ አስታውሺ። ኢሜይል አለ? ወይስ እሷ ቤቷ ቁጭ ብላ አንቺ ቅዳሜን ስታርፊው ሆድሽ እየባባ ነው?

ይህ ነገር ተጠንቷል። በ1985 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጆኤል ብሮክነር የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ተማሪዎችን ሰብስቦ የጽሑፍ እርማት ሥራ ያሠራቸዋል። መሀል ላይ አብሯቸው የሚሠራው አንደኛው ሰው ‹ተቀንሰሃል› ተብሎ እንዲወጣ ይደረጋል። የቀሩት ምን ሆኑ? ጸጸት ተሰማቸው፤ ከበፊቱም የበለጠ ብዙ ገጽ አረሙ። ጥራቱ ግን አልጨመረም።

እኔ ጥናቱን ያነበብኩት በኋላ ነው፤ አስቀድሜ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ከቅነሳው በኋላ በሁለተኛው ወር፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ የአንድ ሆቴል የስልጠና ደረሰኝ እጄ ገባ። አንዱ ዋናው፣ አንዱ ቅጂው። ለሁለቱም የክፍያ ጥያቄ ሞላሁ፣ ለሁለቱም ተከፈለ። ሆቴሉ ታማኝ ሆኖ ባይመልስ ኖሮ በኦዲት ስሜ ይነሳ ነበር። እስከ ምሽት መቆየቴ ለተቀነሱት አንዲት ሳንቲም አልጨመረላቸውም። እኔን ግን ሌባ ሊያስብለኝ ነበር።

ያንቺ ቦታ ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ አደጋ አለ። ፊት ለፊት ልንገርሽ፤ ከድካሙ በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። የግዢውን ልጅ ሥራ ወስደሻል። ፋይናንሱም አንቺው ነሽ። እንግዲህ ዕቃ የምታዢው፣ ደረሰኙን የምትቀበይው፣ ክፍያውን የምታዘጋጂው፣ መጨረሻም ከባንክ ጋር የምታወራርጂው አንድ ሰው ሆነሻል ማለት ነው። ያዘዘ አይከፍልም፣ የከፈለ አያወራርድም፤ ይህን ለአንቺ ማስተማር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ኦዲተሩ ሲመጣ ‹ሰው ስላልነበረ ነው› ብትይው ‹አዝናለሁ› ብሎ ግኝቱን ይጽፋል። አንድ የጎደለ ነገር ቢገኝ ደግሞ ሁሉም ፊርማ ያንቺ ነው። ስለዚህ ወደ ዳይሬክተርሽ ስትሄጂ መጀመሪያ የምታነሺው ድካምሽን አይደለም፤ ይህንን ነው። ከቀሩት 10 ሰዎች አንዱ፣ የፕሮግራም ሰውም ቢሆን፣ ግዢውን ይረከብ። ቀሪው ያንቺ ይሁን። ይህን ጥያቄ ‹አቅም አጣች› ብሎ የሚተረጉመው አለቃ የለም፤ የራሱንም አንገት የሚያድን ነገር ነው።

ቀጥሎ ታይምሺትሽ። ልገምት፦ በየቀኑ 8 ሰዓት፣ በሳምንት 40፣ ሁሉም በሕይወት ባለው ፕሮጀክት ኮድ። ልክ ነኝ? የምትሠሪው ግን 62 ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2፣ ምሳን አንድ ሰዓት ቀንሰን በቀን 11፣ በአምስት ቀን 55፣ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ብንል 62። ከዚህ ውስጥ ሃያ ምናምኑ የሞተውን ፕሮጀክት መቅበር ነው። የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ደንብ ታይምሺት በትክክል የተሠራውን ሥራ ማሳየት አለበት ይላል፤ ሌሎቹም ዶነሮች ከዚህ የራቀ ነገር አይሉም። ለአንዱ የሠራሽውን በሌላው ስም ስትጽፊ፣ በመልካም ልብም ቢሆን፣ የሐሰት ሰነድ ነው የምትፈርሚው። በዚያ ላይ ራስሽን ደብቀሻል። ወረቀቱን የሚያይ ሰው ሁሉ ‹በ11 ሰው ይቻላል ማለት ነው› ይላል። 22 ሰዓቱ የትም አልተመዘገበም።

ከነገ ጀምረሽ ለሁለት ሳምንት የምትሠሪውን በትክክል መዝግቢ። መጀመሪያ በራስሽ ማስታወሻ ላይ ይሁን። ምን ሠራሁ፣ ለየትኛው ፕሮጀክት፣ ስንት ሰዓት፣ ማን ይጠብቀዋል። በቃ። ያለቀው ፕሮጀክት የመዝጋት ሥራ ከየትኛው ኮድ እንደሚወጣ ደግሞ አንቺ አትወስኚ፤ ዳይሬክተርሽ በጽሑፍ ይወስን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ገጹ እንዲህ ያለ ነገር ይመስላል። የራስሽ የድሮው ሥራ፣ 40 ሰዓት። የአበልጅሽ የነበረው፣ ማለትም የአጋር ድርጅቶችን ደረሰኝ ማመሳከርና ማወራረድ፣ 13 ሰዓት። ግዢና ንብረት ቆጠራ፣ 9። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ ያንቺን አንቺ ታገኚያቸዋለሽ። አሁን ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ‹ይህ ካልተሠራ ማን ይደውላል?› ብለሽ ጻፊ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገረማል። የሞተው ፕሮጀክት የመጨረሻ የፋይናንስ ሪፖርት ቀን አለው። በአሜሪካው ደንብ ፕሮጀክቱ ካበቃበት ቀን ጀምሮ 120 ቀን ነው፤ ካለፈ ይደወላል። ይህ አይቀርም። የመኪናና የላፕቶፕ ዝርዝሩም ዶነሩ ‹ለማን ይሰጥ› ብሎ ስለሚወስንበት አይቀርም። በየሳምንቱ ዓርብ የምትልኪው የገንዘብ ትንበያ ግን? ፕሮጀክቱ ገንዘብ አይጠብቅም፤ ምን ይተነበያል? እኔ ከቅነሳው በኋላ ለአምስት ወር ያህል ወርኃዊ የሠራተኞች የስልጠና ዕቅድ እየሞላሁ ወደ ዋናው ቢሮ ስልክ ነበር። የምልክላት ሴትዮ ራሷ ተቀንሳ ነበር። ኢሜይሉ ይሄዳል፣ የሚከፍተው የለም።

ገጹን ይዘሽ ዳይሬክተርሽ ጋር ግቢ። በሩ ተዘግቶ ስታዪው የምትፈሪው ከሆነ ቀጠሮ ያዢ፤ ቀጠሮ ይዞ የገባ ሰው በሩን ራሱ ነው የሚዘጋው። ‹በዛብኝ› እንዳትይ። ‹በዛብኝ› ስትይ መልሱ ‹ሁላችንም ላይ በዝቷል› ነው፤ ውይይቱ እዚያ ላይ ያበቃል። በዚህ ፈንታ እንዲህ በይ፦ ‹ሥራው በሳምንት 62 ሰዓት ነው። እኔ 45 መስጠት እችላለሁ። የትኛው 17 ይቅር፣ ወይም ለማን ይሰጥ?› ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ያስጨንቃል፤ አንቺ አትሙዪው። ‹ሁሉም አስቸኳይ ነው› ካሉሽ ‹እሺ፣ እንግዲያው ቅደም ተከተሉን እኔ ላስቀምጥና በኢሜይል ልላክልዎ፤ የማይስማሙበት ካለ ይንገሩኝ› በይ። ማታውኑ ላኪው። አምስት መስመር ይበቃል። ካልመለሱልሽ ያ ቅደም ተከተል ሥራ ላይ ውሏል።

የሕጉን ነገር በአጭሩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ያቆማል። ትርፍ ሰዓት ቢበዛ በቀን 4፣ በሳምንት 12 ነው። ሁለቱን ብትደምሪው 60። አንቺ 62 ላይ ነሽ፤ አለቃሽ ልፍቀድ ቢሉ እንኳ ጣሪያውን አልፈሻል። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይከፈላል፤ የሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት እጥፍ። ብዙ ኤንጂኦዎች በገንዘብ ፈንታ የማካካሻ ዕረፍት ይሰጣሉ። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ትርፍ ሰዓት የሚባለው አሠሪው በግልጽ ያዘዘው ሲሆን ነው። ማንም ሳያዝሽ፣ ሆድሽ ስላልቻለ የገባሽበት ቅዳሜ፣ በሕግ ዓይን ትርፍ ሰዓት እንኳ አይደለም። የለም። ስለዚህ ወይ ይታዘዝ፣ ወይ ቤትሽ ሁኚ።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። ‹ቀጣዩ ተራ የእኔ ነው?› የሚለውን ዳይሬክተርሽን ብትጠይቂያቸው ‹አይዞሽ፣ አንቺማ ቁልፍ ሰው ነሽ› ይሉሻል። ያ መልስ ሌሊት አያስተኛም፤ ለአበልጅሽም ይህንኑ ብለዋት ይሆናል። የሚመለስ ጥያቄ ጠይቂ። ‹ደመወዜ ከየትኞቹ ኮዶች ይወጣል? እያንዳንዱ እስከ ስንት ወር ድረስ የተፈረመ ገንዘብ አለው?› ይህ ቁጥር ነው። አንቺም ግማሹን ታውቂዋለሽ፤ የማታውቂው በድርድር ላይ ያለውን ነው። ‹ግማሹ እስከ ታኅሣሥ፣ ግማሹ እስከ መጋቢት› የሚል መልስ ካገኘሽ ደስ አይልም፤ ግን ቀን አለው። ቀን ያለው ፍርሃት ላይ ሲቪ ማዘጋጀት፣ ዕቁብ መግባት ወይም አለመግባት፣ የቤት ኪራይ መደራደር ይቻላል። ቀን የሌለው ፍርሃት በር በተዘጋ ቁጥር ሆድ ይቆርጣል። ሌላም፦ የዳይሬክተርሽ በር እኮ ከቅነሳው በፊትም ይዘጋ ነበር። አሁን ነው የቆጠርሽው።

እንቅልፍሽን ግን እንደ ዋዛ አላየውም። ፊንላንድ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ተቀንሰው ነበር። ተመራማሪዎች ያጠኑት የወጡትን ሳይሆን የቀሩትን ነው፤ በ10 ከተሞች 22,430 ሰዎች፣ ለሰባት ዓመት ተኩል ያህል። ከ18 በመቶ በላይ ሠራተኛ በተቀነሰባቸው ቦታዎች የቀሩት በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞታቸው ዕድል እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ያንቺ ቢሮ የቀነሰው ከ43 ሰው 32ቱን ነው። ላስፈራራሽ አይደለም፤ አንቺ 34 ዓመትሽ ነው። ግን በዚህ ሳምንት የደም ግፊትሽን ተለኪ፣ ፋርማሲም ቢሆን። ማታ ሥራ ጨርሰሽ ከመነሳትሽ በፊት የነገን ሦስት ሥራዎች ወረቀት ላይ ጻፊና ወረቀቱን ቢሮ ተዪው። ላፕቶፑም እዚያው ይደር። ይህን ሁሉ አድርገሽ እንቅልፉ ሌላ ሁለት ሳምንት ካልተመለሰ፣ ወይም ምግብ ካስጠላሽ፣ ወይም ‹ባልነቃ› የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የመጨረሻው ከሆነ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ለሰው ንገሪና ሂጂ። አማኑኤል ሆስፒታል ‹የእብድ ቤት ነው› የሚሉሽን አትስሚ፤ ተመላላሽ ክፍሉ ውስጥ እንደ አንቺ ቦርሳ ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ የቢሮ ሰዎችን አይቻለሁ።

እናትሽን በተመለከተ፣ እውነታቸውን ነው ብለሻል፤ እኔም አልከራከራቸውም። እሳቸው ሥራ ማጣት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ግን ‹ተመስገን› የሚባለው ለደመወዙ ነው። 22ቱ ሰዓት ሌላ መዝገብ ነው። አንዱን ከአንዱ ማቻቻል በሂሳብም አይፈቀድም።

የቀረው አበልጅሽ ናት። ይህን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም።

ለሷ ዕዳ የለብሽም አልልም። አለብሽ፤ የአበልጅነት ዕዳ። በትርፍ ሰዓት ግን አይከፈልም፣ እሷ ጋ አይደርስም። እሷ ጋ የሚደርስ አንድ ነገር ግን እጅሽ ላይ አለ፤ ሂሳብ ታውቂያለሽ። የተሰጣትን የስንብት ደብዳቤ አብራችሁ አንብቡ። ምን ይላል? ‹በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት› ወይስ ‹የፕሮጀክት ውልሽ ስላበቃ›? በኤንጂኦ ቤት ብዙው ውል ከፕሮጀክት ጋር የታሰረ ስለሆነ ቃሉ ገንዘቡን ይለውጠዋል። ቅነሳ ከሆነና የሥራ ስንብት ክፍያ የሚገባት ከሆነ ስሌቱ እንዲህ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ማለትም 10 ቀን። 6 ዓመት ስለሠራች 30 እና 50፣ 80 ቀን። ቅነሳ ስለሆነ ደግሞ የ60 ቀን ተጨማሪ። በጠቅላላው 140 ቀን። የቀን ደመወዟ 1,000 ብር ነው እንበል፤ 140,000 ብር መሆን ነበረበት። ያልተጠቀመችበት የዓመት ዕረፍት ለብቻው ይታሰባል። የተከፈላትን ከዚህ ጋር አስተያዩ። የውሉ ዓይነት ካጠራጠራችሁ የሥራ ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ አንድ ቀን አማክሩ።

ሁለት ጥንቃቄ። ከቢሮ ምንም ወረቀት አታውጪላት፤ የራሷ ደብዳቤ፣ የራሷ ውልና የባንክ መግለጫዋ ይበቃሉ። ሁለተኛው ጊዜው ነው። ከሥራ መቋረጥ ጋር የተያያዘ ክፍያ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ከወጣች 4 ወሯ ነው ብለሻል። ሁለት ወር አላችሁ። ስልኩን አለማንሳትሽ ከሚያስከፍላት ነገር ይህ አንዱ ነው፤ ጨክኜ አይደለም የምነግርሽ።

ስትደውይ ምን ትያታለሽ? ‹አንቺ እኮ ታገኚያለሽ፣ ጎበዝ ነሽ› አትበይ፤ ይህን ሁሉም ብሏታል። ስለ ሥራ መብዛትሽም በመጀመሪያው ቀን አታውሪያት። ጠረጴዛዋ ላይ ስላለው ክምር የምታማርሪላት ሰው እሷ አይደለችም፤ ለእኔ ጻፊ። ‹ስትደውዪ አላነሳም ነበር፤ ምን እንደምልሽ ጠፍቶኝ ነው። ይቅርታ› ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ ስለ ልጇ ጠይቂ። ክርስትና ልጅሽ ነው፤ በአራት ወር ውስጥ ስንት ጥርስ እንደነቀለች እንኳ አታውቂም። ልትቆጣሽ ትችላለች። ትቆጣ። ብትቆጣሽ ደግሞ ‹ያንን ፕሮጀክት እኔ አልሰረዝኩት› እንዳትያት፤ ታውቀዋለች።

ቅዳሜ ቢሮ አትግቢ፣ እሷ ቤት ሂጂ። ኩባያውን በጋዜጣ ጠቅልለሽ ያዢው። ንብረት ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ የማንም ፊርማ አያስፈልገውም።